የፈተና ዋዜማና የተበከለው ፕሌት፦ አጭር ልቦለዱን ደረጃ በደረጃ የመጻፍ መመሪያ

በፈተና ዋዜማ የተበከለ ፕሌት ስላገኘች የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን አጭር ልቦለድ ለመጻፍ የሚነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት በአንድ ቦታ ነው። ፕሌት ባክቴሪያ የሚበቅልበት ክዳን ያለው ክብ ሳህን ነው። የቴክኒሺያኗን ጭንቀት በሚገባ ይጽፋሉ፤ ፕሌቱ ግን ምን እንደያዘ፣ ብክለቱ ከየት እንደመጣና እስከ ጠዋት ምን ሊደረግ እንደሚችል አያውቁትም። ስለዚህ ታሪኩ በመሐል ይቆምባቸውና መብራት ያጠፋሉ፣ ዘበኛ ያስገባሉ፣ ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም ነገር በተአምር እንዲስተካከል ያደርጋሉ። ይህ መመሪያ የታሪኩን ሴራ ከራሱ ከፕሌቱ ማውጣት እንዴት እንደሚቻል ያሳያል። እስከ መጨረሻው የምንሠራበት ምሳሌ አንድ ነው፤ ቴክኒሺያኗን ወይንሸት ብለናታል፤ የምትሠራውም የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪዎችን በሚያሠለጥን ኮሌጅ ውስጥ ነው። የሚጻፈው ታሪክ ከ1,500 እስከ 2,000 ቃላት ቢሆን ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ ይወስኑ

ታሪኩን ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የፈተናውን ጥያቄ ራሱን ይጻፉ። «የማይክሮባዮሎጂ ፈተና» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የተበከለ ፕሌት ጉዳት የሚያደርሰው ተማሪው በዚያ ፕሌት ላይ አንድ የተወሰነ ነገር እንዲሠራ ስለሚጠየቅ ነውና።

ለምሳሌያችን የሚከተለውን ይያዙ። ፈተናው የተግባር ፈተና ነው። በ6 ጠረጴዛዎች ላይ 6 ብለድ አጋር ፕሌቶች፣ ማለትም ደም የተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማብቀያ የያዙ ሳህኖች፣ ይቀመጣሉ። በሁሉም ላይ ያደገው ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ይህን አያውቁም። እያንዳንዱ ተማሪ የኮሎኒውን፣ ማለትም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያደገውን የባክቴሪያ ክምችት፣ መልክ ይገልጻል፣ በኮሎኒው ዙሪያ ደሙ መሟሟቱን፣ ማለትም ሄሞሊሲስን፣ ይመለከታል፣ ውጤቱ በአረፋ የሚታየውን የካታሌዝ ምርመራ ይሠራል፣ ባክቴሪያውን በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ የሚያይበትን ግራም ስቴይን ያደርጋል፤ በመጨረሻም ባክቴሪያው ምን እንደሆነ ይጽፋል።

አሁን የጉዳቱን መጠን በግልጽ ማየት ይቻላል። በአራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ከተሳሳተው ኮሎኒ ቢወስድ፣ በማይክሮስኮፕ ያየውን በትክክል ይጽፋል፤ በትክክል በመጻፉም ዜሮ ያገኛል። የታሪኩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቴክኒሺያኗ ዝም ብትል የሚጎዳው በደንብ የተማረው ልጅ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በታሪኩ ውስጥ አይጻፉት፤ እርስዎ ግን እየጻፉ ሳለ አይርሱት።

*ይህ ደረጃ ካልተሳካ፦* የፈተናውን ጥያቄ መጻፍ ካቃተዎ አንድ የላቦራቶሪ ተማሪ ወይም ባለሙያ ፈልገው «በተግባር ፈተና ላይ ፕሌት ሲሰጥህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በቅደም ተከተል ይያዙት፤ ቅደም ተከተሉ በኋላ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ ፕሌቱን በወረቀት ላይ ይሳሉ

ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ደረጃ ነው። የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ይሳሉና ስትሪኩን፣ ማለትም ባክቴሪያው በፕሌቱ ላይ የተሰመረበትን መስመር፣ በአራት አቅጣጫ ያስምሩበት፤ መጀመሪያ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጥሎ የሳሳ፣ በመጨረሻም ኮሎኒዎች አንድ በአንድ ተነጥለው የሚታዩበት መስመር ይሁን። ከዚያ የተበከለበትን ቦታ በሌላ ቀለም ምልክት ያድርጉ።

ቦታው የታሪኩን አቅጣጫ ይወስናል። እንግዳው ኮሎኒ ከስትሪኩ መስመር ውጭ፣ ምንም ባልተነካ አጋር ላይ ካደገ፣ ክዳኑ ሲከፈት ከአየር የወደቀ ነው ተብሎ ይታሰባል። ያን ጊዜ ጉዳቱ የዚያ ፕሌት ብቻ ስለሆነ ታሪኩም ትንሽ ይሆናል። እንግዳው ኮሎኒ በስትሪኩ መስመር ላይ ተሰልፎ ከታየ ግን ባክቴሪያው ከሚነሣበት የሽቦ ቀለበት፣ ከሉፑ ጋር አብሮ መጥቷል ማለት ነው፤ ባክቴሪያው የተወሰደበት ቱቦ ራሱ ተበክሏል። ከዚያ ቱቦ የተሠራ ፕሌት ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። ለልቦለድ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ አንባቢው አንድ ፕሌት ያየ መስሎት ሳለ ሌሎቹም እየተነሡ መታየት ይጀምራሉ።

በምሳሌያችን ወይንሸት ሁለት ቱቦ ብሮዝ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያድግበት ፈሳሽ፣ አዘጋጅታለች፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ከመጀመሪያው ቱቦ ፕሌት 1፣ 2 እና 3ን፣ ከሁለተኛው ቱቦ ፕሌት 4፣ 5 እና 6ን ሠርታለች። የተበከለው ሁለተኛው ቱቦ ነው።

ቀጥሎ የሁለቱን ኮሎኒዎች መልክ ለይተው ይጻፉ። የስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ኮሎኒ ክብ፣ ከፍ ያለ፣ ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፤ ቀለሙ ከክሬም እስከ ወርቃማ ይደርሳል፤ ስፋቱ ከአንድ ቀን በኋላ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በዙሪያውም ብዙ ጊዜ ደሙ ሟሙቶ የጠራ ቀለበት ይታያል። በካይ አድርገን የመረጥነው ባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ ሰፋ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ የማያብረቀርቅ ግራጫማ ኮሎኒ ሲኖረው ጠርዙም ወጣ ገባ ነው። አንዳንዱ ባሲለስም ደሙን ስለሚያሟሟ የጠራውን ቀለበት ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም።

> ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ሌሊት ያደገ አረንጓዴ ሻጋታ አይጻፉ። ሻጋታ አረንጓዴ ሆኖ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ቀናት ይፈጅበታል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በመስከረም 1928 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ያያት ሻጋታ ያለባት ፕሌት እርሱ ለዕረፍት ሄዶ ሳለ ጠረጴዛ ላይ የቆየች ነበረች። የርስዎ ፕሌት ደግሞ በኢንኩቤተር ውስጥ የቆየችው ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም። በዚሁ ምክንያት ብክለቱ ወደ ታላቅ ግኝት የሚያመራበትን ታሪክም ይተዉት፤ የፈተና ዋዜማ ጉዳይ ሌላ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ያስሉ

የዚህ ታሪክ ውጥረት የሚመጣው ከባክቴሪያው የእድገት ጊዜ ነው። ብለድ አጋር ላይ የተደረገ ስታፊሎኮከስ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ኢንኩቤተር ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ከቆየ ኮሎኒ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ትንሽ ነው፣ ወርቃማው ቀለም ገና አልወጣም፣ በዙሪያው ያለው ቀለበትም ደካማ ነው። ተማሪው የሚጠየቀው ደግሞ ስለነዚህ ነገሮች ነው።

የምሳሌያችን የጊዜ ሰሌዳ ይህን ይመስላል።

- ማክሰኞ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ፦ ሁለቱ ቱቦዎች ባክቴሪያው ተጨምሮባቸው ኢንኩቤተር ይገባሉ።
- ረቡዕ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ፦ ስድስቱ ፕሌቶች ስትሪክ ይደረጋሉ።
- ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት፦ ወይንሸት ፕሌቶቹን ወደ ማቀዝቀዣ ልታዛውር ስትመጣ ብክለቱን ታያለች። ፕሌቶቹ 28 ሰዓት ስለሞላቸው ኮሎኒዎቹ በግልጽ ይለያሉ።
- ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት፦ አዲስ ፕሌት ልትሠራ የምትችልበት ሰዓት። ማቀዝቀዣ ውስጥ 3 ንጹሕ ብለድ አጋር ፕሌቶች ቀርተዋል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆነው ስለሚወጡ ገጻቸው እስኪደርቅ መጠበቅ አለባት።
- ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት፦ ፈተናው። አዲሶቹ ፕሌቶች 12 ሰዓት ብቻ ይሞላቸዋል።

ከማታ 3 እስከ ጠዋት 3 ድረስ 12 ሰዓት ነው፤ የሚያስፈልገው ቢያንስ 18 ነው። የሚጎድሉት 6 ሰዓቶች የታሪኩ ሴራ ናቸው። ወይንሸት ሌሊቱን ሙሉ ብትሠራም፣ ብትጸልይም፣ ብታለቅስም እነዚህን ሰዓቶች ልታመጣቸው አትችልም። ስለዚህ መፍትሔው ከእጇ ወጥቶ ከፈተናው መምህር ጋር በስልክ ወደሚደረግ ንግግር መሄድ ግድ ይሆንበታል።

*ይህ ደረጃ ካልተሳካ፦* ስሌትዎ ለጠዋት የሚደርስ ፕሌት ከሰጠዎ ታሪኩ ሥራ በዝቶባት ያደረች ሴት ታሪክ ብቻ ይሆናል። ብክለቱ የተገኘበትን ሰዓት ወደ ማታ ይግፉት። በተቃራኒው ስሌቱ ምንም መውጫ ካልሰጠ፣ ለምሳሌ ስድስቱም ፕሌቶች ከተበከሉ፣ ንጹሕ የሆነ ግማሽ ይተዉላት፤ የምትመርጠው ነገር የሌላት ሴት ታሪክ ሊንቀሳቀስ አይችልም።

ደረጃ 4፦ የብክለቱን ምክንያት በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ያስቀምጡ

ምክንያቱ በታሪኩ ውስጥ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ መውሰድ የለበትም፤ ነገር ግን የሚታይ መሆን አለበት። «በጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ሐረግ ለአንባቢ ዓይን የሚሰጠው ነገር የለም።

ከቱቦ ላይ ናሙና የሚወስድ ሰው የጥጥ ውታፉን የሚይዘው ሉፕ በያዘው እጁ ትንሽ ጣት ነው። የቱቦውን አፍ በነበልባል ያሳልፋል፣ ይወስዳል፣ እንደገና በነበልባል አሳልፎ ይወትፋል። ውታፉ ጠረጴዛ አይነካም። ወይንሸት ይህን እንቅስቃሴ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ለተማሪዎችም የምታሳየው እርስዋ ናት። ማክሰኞ ግን በሁለተኛው ቱቦ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ፤ ውታፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስልኩን አጠፋች፤ ከዚያም ያንኑ ውታፍ መለሰችው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ታሪኩን ያጠነክረዋል። ጠረጴዛውን በ70 በመቶ አልኮል ጠርጋው ነበር። አልኮል ግን የባሲለስን ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ያለውን የባክቴሪያውን እንቅልፋም ቅርጽ፣ አይገድልም። ስለዚህ «ጠርጌው ነበር» የሚለው ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ በአእምሮዋ ሊመላለስ ይችላል፤ እውነት ነው፣ ግን አያድናትም። ይህን ሐሳብ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአጭሩ ያስገቡት።

> ማስጠንቀቂያ፦ ጥፋቱን ለተንኮለኛ ባልደረባ ወይም ለሰነፍ ረዳት አይስጡ። ጥፋተኛው ሌላ ሰው ከሆነ ስልክ መደወል ክስ ይሆናል፤ ክስ ደግሞ ቀላል ነው። ጥፋቱ የራስዋ ሲሆን ግን የምትደውለው ስልክ ዋጋ ያስከፍላታል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ትዕይንት ይጻፉ

ታሪኩን ኢንኩቤተሩ ሲከፈት ይጀምሩ። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ደመወዟ፣ ስለ ኮሌጁ ታሪክ በፊት አይንገሩን። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

> «ወይንሸት ፕሌቱን ስታየው ልቧ ቀጥ አለ። ሁሉም ነገር ተበላሽቷል! ነገ ፈተና ነው! ምን ይውጣታል?»

ይህ ረቂቅ ምን እንዳየች አልነገረንም። ስሜቱን ያውጡና በምትኩ ዓይኗ ያረፈበትን ያስገቡ፦

> «ፕሌቶቹ ተገልብጠው ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው በራስዋ እጅ የተጻፉት ቁጥሮች ወደ ላይ ይታያሉ። ሦስቱን አንድ በአንድ አይታ ወደ ማቀዝቀዣው አሻገረች። አራተኛውን ወደ መብራቱ አነሣች። በስትሪኩ መስመር ላይ፣ ከክቦቹ ወርቃማ ኮሎኒዎች መካከል፣ ጠርዙ የተሸራረፈ አንድ ግራጫ ኮሎኒ ተኝቷል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ሌላ አለ። ክዳኑን አልከፈተችም። አምስተኛውን አነሣች።»

ሁለተኛው ረቂቅ የሚሠራው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፕሌት ተገልብጦ የሚቀመጠው በክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው እርጥበት ኮሎኒዎቹ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው፤ መለያውም የሚጻፈው ክዳን ሊለዋወጥ ስለሚችል በታችኛው ክፍል ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን ሳያብራራ ስላሳየን ቴክኒሺያኗን እናምናታለን። ሁለተኛ፣ «አምስተኛውን አነሣች» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር የጠረጠረችውን ነገር ይነግረናል፤ የሚፈራው ነገር አንድ ፕሌት ሳይሆን ቱቦው መሆኑ ገብቷታል።

> ማስጠንቀቂያ፦ ፕሌቱን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ እንድታሸተው አያድርጉ። ልምድ ያላት ቴክኒሺያን ፕሌት አታሸትም፤ የደኅንነት ሕግ ይከለክላል። ሽታ ካስፈለገዎ ኢንኩቤተሩ ሲከፈት ከሚወጣው የሞቀ አየር ይውሰዱት።

ደረጃ 6፦ የሐሰት ተስፋውን ያስገቡ

ብክለቱ ከተገኘ በኋላ ወዲያው ወደ ስልኩ አይሂዱ። ሰው መጥፎ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ያየው እንዳልሆነ የሚያሳምነውን ማስረጃ ነው፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ይህን ማስረጃ በርካሽ ያቀርባል።

ወይንሸት ከግራጫው ኮሎኒ በእንጨት ጫፍ ጥቂት ወስዳ ስላይድ ላይ ታደርግና 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ትጨምርበታለች። አረፋ ይወጣል። ካታሌዝ ፖዘቲቭ ነው፤ የፈተናው መልስም ካታሌዝ ፖዘቲቭ ነው። ለአንድ አፍታ፣ ምናልባት ያው ስታፊሎኮከስ መልኩን ቀይሮ ይሆናል፣ ምናልባት ተማሪዎቹ ልዩነቱን ሳያዩት ፈተናው ያልፍ ይሆናል ብላ ታስባለች።

አረፋው ግን ምንም አላረጋገጠም፤ ባሲለስም ካታሌዝ ፖዘቲቭ ነው። ከዚህም በላይ፣ ከብለድ አጋር ሲወሰድ እንጨቱ አጋሩን ከነካ በደሙ ውስጥ ያለው ካታሌዝ ራሱ አረፋ ያወጣል። እርስዋ ሁለቱንም ታውቃለች። አንባቢው አያውቅምና በትዕይንቱ ውስጥ እርስዋ ራስዋ የምትነግረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይስጡት፤ «ባለፈው ዓመት ይህንኑ ስሕተት የሠራ ተማሪ ነጥብ ሲቀነስበት አጠገቡ ቆማ ነበር» የሚል ቢሆን ይበቃል። በዚህ መንገድ እውቀቱም ይተላለፋል፣ ራስዋን ማታለል እንደማትችልም ይታያል።

*ይህ ደረጃ ካልተሳካ፦* ትዕይንቱ የትምህርት ማስታወሻ መስሎ ከታየዎ የቃላቱን ብዛት ሳይሆን የእጇን ሥራ ይመልከቱ። እያንዳንዱ የላቦራቶሪ ቃል አንድ ነገር ከምታነሣበት ወይም ከምታስቀምጥበት ግሥ አጠገብ ይቀመጥ። ብቻውን የቆመ ቃል ካገኙ ያውጡት።

ደረጃ 7፦ ማረጋገጫውን በአጭሩ ያሳልፉ

ግራም ስቴይን ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በታሪኩ ውስጥም አንድ አንቀጽ ብቻ ይስጡት። ቅደም ተከተሉ ክሪስታል ቫዮሌት፣ አዮዲን፣ በአልኮል ማጠብ፣ ሳፍራኒን ነው። አራቱንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ማጠቢያው ላይ የሚወርደውን ወይን ጠጅ ውኃና በጣቶቿ ላይ የቀረውን ቀለም ይዘው ወደ ማይክሮስኮፑ ይሂዱ።

በዘይት ሌንሱ ውስጥ የምታየው ከዚህ በፊት ያዘጋጀነውን ሁሉ ይወስናል። ስታፊሎኮከስ ቢሆን እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡ ክብ ነጠብጣቦች ታይ ነበር። ያየችው ግን በተመሳሳይ ወይን ጠጅ ቀለም የተነከሩ ዘንጎች ናቸው፤ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘዋል፤ በአንዳንዶቹ መካከል ቀለም ያልያዘ ጠራ ያለ ቦታ አለ፤ ስፖር ነው። የማክሰኞው ውታፍ ትዝ የሚላት እዚህ ላይ ይሁን። ቀደም ብላ ካስታወሰችው ምርመራው ትርጉም ያጣል፤ ዘግይታ ካስታወሰችው ደግሞ አንባቢው ይቀድማታል።

ደረጃ 8፦ የስልኩን ንግግር ይጻፉ

የታሪኩ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎችም በረጅም ኑዛዜ ያበላሹታል። ከመጻፍዎ በፊት ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበትን መንገድ ይወስኑ። መምህሩ በዕድሜም በማዕረግም ስለሚበልጣት «ዶክተር» ትለዋለች፣ በ«እርስዎ» ታናግረዋለች፤ እርሱ ግን «አንቺ» ይላታል። በማታ የሚደወል ስልክ ደግሞ በአገራችን መጀመሪያ ስለ ጤና ያስጠይቃል፤ ይህን አይዝለሉት፤ ዋናውን ቃል ስለሚያዘገየው ይጠቅምዎታል።

> «ወይንሸት፣ በሰላም ነው በዚህ ሰዓት?»
>
> «በሰላም ነው ዶክተር፤ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከስድስቱ ፕሌቶች ሦስቱ ተበክለዋል። ከሁለተኛው ቱቦ የመጡት።»
>
> «በምን?»
>
> «በባሲለስ። ግራም ስቴይን አድርጌ አይቼዋለሁ።»
>
> «አሁን ስትሪክ ብታደርጊ ለጠዋት አይደርስም?»
>
> «ይበቅላል፤ ግን 12 ሰዓት ነው። ሄሞሊሲሱ አይነበብም።»
>
> «እሺ፣ ግማሾቹ በደኅናዎቹ ጠዋት ይፈተኑ፤ የቀሩት ከሰዓት።»
>
> «የጠዋቶቹ ይነግሯቸዋል ዶክተር።»
>
> ዝም አለ። ከኋላው የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል።
>
> «ቱቦው እንዴት ተበከለ?»
>
> «ውታፉን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

የንግግሩን ቅደም ተከተል ያስተውሉ። መጀመሪያ እውነታው፣ ቀጥሎ ማረጋገጫው፣ ቀጥሎ ያልተሳኩት ሁለት መውጫዎች፣ በመጨረሻም ጥፋቱ ይመጣል። ጥፋቱ መጀመሪያ ቢመጣ ንግግሩ ስለ እርስዋ ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን እስከ መጨረሻው ስለ ተማሪዎቹ ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከተናገረች በኋላ መምህሩ እንዲያጽናናት ወይም እንዲሰድባት አያድርጉ። የሚናገረው የሚቀጥለውን ሥራ ይሁን፤ ፈተናው ለሁሉም ከሰዓት 9 ሰዓት እንዲሆን፣ ማስታወቂያውን እርስዋ ጽፋ በሩ ላይ እንድትለጥፍ፣ የተበከሉትንም ፕሌቶች ሳትጥል እንድታቆያቸው። ከማታ 3 እስከ ከሰዓት 9 ድረስ 18 ሰዓት ነው፤ የጎደሉት 6 ሰዓቶች የተገኙት በዚህ ስልክ ነው።

*ይህ ደረጃ ካልተሳካ፦* ንግግሩን ጮክ ብለው ያንብቡ። አንዱ ተናጋሪ ሌላው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር እያብራራለት ከሆነ፣ ማብራሪያው ለአንባቢ የገባ ነው። «ባሲለስ ማለት ስፖር የሚያበጅ...» ብላ ወይንሸት ለማይክሮባዮሎጂ መምህር አታስረዳም። የጎደለውን እውቀት ወደ ደረጃ 6 ወይም 7 ይመልሱት።

ደረጃ 9፦ አዲሶቹን ፕሌቶች ያሠሯት

ከስልኩ በኋላ አንድ ጸጥ ያለ የሥራ ትዕይንት ይስጡ። አሁን ገጻቸው የደረቀውን ሦስት ባዶ ፕሌቶች ታነሣለች፤ የአልኮል መብራቱን ታበራለች፤ ሉፑን እስኪቀላ ታቃጥላለች፤ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች። ከፕሌት 1 ላይ ተነጥሎ የቆመ አንድ ኮሎኒ ትነካና ስትሪክ ታደርጋለች። የሚወሰደው ከቱቦው ሳይሆን ከንጹሑ ፕሌት መሆኑን አይሳቱ፤ ይህን የሳተ ታሪክ በባለሙያ አንባቢ ዘንድ ወዲያው ይወድቃል። የሉፑን መቀዝቀዝ የምትጠብቅባት አፍታ በሌሎቹ ቀናት ከምትወስደው ትንሽ ትርዘም። ስለ ስሜቷ ሌላ የሚጻፍ ነገር አያስፈልግም።

በየፕሌቱ ሥር ቁጥሩንና «ሐሙስ፣ ማታ 3፡00» የሚለውን ትጽፋለች። የተበከሉት ሦስቱ ታሽገው ለብቻ ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ካያቸው በኋላ በእንፋሎት በሚያመክነው አውቶክሌቭ፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወገዳሉ። ወደ ቆሻሻ ቅርጫት እንድትወረውራቸው ከጻፉ ያስተካክሉ፤ በውስጣቸው ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ አለ።

> ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ትዕይንት ላይ መብራት ማጥፋት ብዙ ጸሐፊን ይፈትናል። በሩ ተዘግቶ የሚቆይ ኢንኩቤተር ሙቀቱን ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል፤ አጭር የመብራት መቋረጥ የሚፈለገውን ጥፋት አያመጣም። ረጅም መቋረጥ ደግሞ ወይንሸት የመረጠችውን ነገር ሁሉ ከንቱ ያደርግና ታሪኩን ለመብራት ኃይል ያስረክበዋል።

ደረጃ 10፦ የሚያበቃበትን ቦታ ይምረጡ

የፈተናውን ውጤት አይንገሩን። ተማሪዎቹ ማለፋቸው ታሪኩን አያረጋግጠውም፤ መውደቃቸውም አያፈርሰውም። ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሩ ፊት ያቁሙን። ሌሊቱን ሲያጠኑ ያደሩ ተማሪዎች ማስታወቂያውን ያነባሉ፤ አንዳንዱ ይደሰታል፣ አንዳንዱ ይናደዳል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አገሩ ሊሳፈር ትኬት የቆረጠ አንድ ልጅም ይኖራል። የመፍትሔው ዋጋ በሌላ ሰው ላይ እንደሚወድቅ በዚህ ልጅ ይታይ። «ለምንድን ነው የተዛወረው?» ብሎ ይጠይቃታል።

መልሷን እርስዎ ይወስኑ፤ ሁለት መንገድ አለ። «የመምህሩ ውሳኔ ነው» ብትለው እውነት ነው፤ ግን በስልክ ለአንድ ሰው የተናገረችውን በቀን ብርሃን ለሠላሳ ሰው መናገር አልቻለችም ማለት ነው። «ሦስት ፕሌት አበላሽቼ ነው» ብትለው ደግሞ ልጁ ስለ ትኬቱ የሚናገረውን ቆማ መስማት አለባት። ሁለተኛውን ከመረጡ የልጁን መልስ ይጻፉና እዚያው ያቁሙ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ልጁ ይቅር እንዳይላት በሚለው ላይም እጸናለሁ፤ ትኬቱ የእርሱ ነውና።

ደረጃ 11፦ ክለሳ

ረቂቁን ሁለት ቀን አስቀምጠው በተለየ ዓላማ ሦስት ጊዜ ያንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ ሰዓቶቹን ብቻ ይከታተሉ፤ እያንዳንዱን የሰዓት ቃል በደረጃ 3 ካለው ሰሌዳ ጋር ያመሳክሩ። በተለይ «2 ሰዓት» እና «3 ሰዓት» የጠዋት ይሁኑ የማታ በግልጽ ያልተጻፈበት ቦታ ካለ ያርሙ፤ ስሌቱ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

በሁለተኛው ንባብ የፕሌቶቹን ቁጥር ይከታተሉ። የተበከለው 4፣ 5 እና 6 ሆኖ ሳለ በስልኩ ላይ «ፕሌት 3» ካለች፣ ምርመራው በሙሉ ተሰርዟል። በሦስተኛው ንባብ «ደነገጠች»፣ «ተጨነቀች»፣ «ልቧ መታ» የሚሉትን ሁሉ ያስምሩባቸውና በየቦታቸው እጇ ምን እያደረገ እንደነበረ ይጠይቁ። መልስ ካገኙ ይተኩት፤ ካላገኙ ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዙት።

በመጨረሻ ታሪኩን ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ አንድ ሰው ይስጡ፤ «እንዴት ነው?» ብለው ግን አይጠይቁት። «ወይንሸት የተሳሳተ ነገር የሠራችበትን ቦታ አሳየኝ» ይበሉት። የሚያሳይዎ ቦታ ከውታፉ ሌላ ከሆነ ወደዚያ ደረጃ ተመልሰው ይጻፉት።